ሁለት ካርድ፣ ሁለት እናት፦ ዛሬ ሐኪም ሳያያት መሄድ የሌለባት የቷ ናት?

ቤዛ_ነርሲንግ3
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። አሁን ደብረ ብርሃን አካባቢ የእርግዝና ክትትል ክፍል ልምምድ ላይ ነን። አስተማሪያችን ሁለት ካርድ ሰጠንና "ዛሬ ሐኪም ሳያያት ወደ ቤቷ መሄድ የሌለባት የቷ ናት?" አለን። መልሱን ሰኞ ነው የሚነግረን። እስከዚያ መጠበቅ አልቻልኩም።

ሁለቱም 32 ሳምንት ናቸው። ለሁለቱም የመጀመሪያ እርግዝና ነው።

የመጀመሪያዋ ሄሞግሎቢኗ 11.2 ነው፤ በ9ኛው ሳምንት 12.8 ነበር። ግፊቷ 98 በ60፣ የልብ ምቷ 96። ልቧ ላይ ለስለስ ያለ ተጨማሪ ድምጽ፣ መርመር፣ ይሰማል፤ "ሲስቶሊክ" ተብሎ ተጽፏል። ክሬቲኒን 0.5። ሽንቷ ላይ ስኳር አንድ ፕላስ። ማታ ማታ እግሯ ያብጣል። የላብራቶሪው ወረቀት ሄሞግሎቢኑንም ክሬቲኒኑንም "ዝቅተኛ" ብሎ ምልክት አድርጎባቸዋል።

ሁለተኛዋ ሄሞግሎቢኗ 13.6 ነው፤ በ10ኛው ሳምንት 12.7 ነበር። ግፊቷ 128 በ84፤ በ12ኛው ሳምንት 104 በ64 ነበር። ምቷ 80። መርመር የለም። ክሬቲኒን 0.9፤ በ11ኛው ሳምንት 0.6 ነበር። ሽንቷ ላይ ፕሮቲን አንድ ፕላስ። ከደም ምርመራዋ አንዱም ምልክት አልተደረገበትም።

አብዛኛው ተማሪ የመጀመሪያዋን መረጠ። ሁለተኛዋን ያሉትም ለምን ሲባሉ ፕሮቲኑን ብቻ ነው የሚጠሩት። የቀረው ቁጥር ምን እየነገረን ነው?

ኤችኦ_ሰሎሞን
የመጀመሪያዋ ናት። ደም ማነስ ይዟታል፤ ጽንሱ አይረኗን እየወሰደባት ነው። ግፊቷ የወረደውና ልቧ የሚሮጠው በዚያ ምክንያት ነው። የሁለተኛዋ ደም ጥሩ ነው፣ ግፊቷም ከ140 በታች ነው። በእርግዝና ደም ስለሚጨምር ግፊት ትንሽ ከፍ ማለቱ ይጠበቃል። ሽንቷን ብቻ አስደግሙላት።

የማክዳ_እናት
እኔ ባለሙያ አይደለሁም ግን እግር ማበጥ ስላላችሁ ነው። እኔም ሰባተኛ ወሬ ላይ ጫማ እምቢ አለኝ። ጎረቤቶቼ "ጨው ተዪ፣ ውሃም ቀንሺ" አሉኝ። ተውኩ። እብጠቱ ግን አልቀነሰም፣ እንዲያውም ያዞረኝ ጀመር። ይህቺም ልጅ ጨው ትተው እንዴ?

ሲስተር_አልማዝ
ቤዛ፣ አስተማሪሽ ጎበዝ ነው። መልሱ ሁለተኛዋ ናት። የማክዳ እናት፣ የእርስዎ ጥያቄ ሳይታሰብ ዋናውን ነገር ነክቶታል፤ እመለስበታለሁ።

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከመያዛችሁ በፊት ነገሩ ከየት እንደሚጀምር እዩ። የሚጀምረው ከደም ስር ነው። ገና በ6ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ሆዷ ሳይታይ፣ በሆርሞን ምክንያት የሴትየዋ ደም ስሮች ይላላሉ፣ ይሰፋሉ። ውስጣቸው ያለው ደም ግን ገና ያው የድሮው ነው። ስለዚህ ሰውነት ደም የጎደለ ይመስለዋል። ያኔ ሁለት አካላት ምላሽ ይሰጣሉ። ልብ በየደቂቃው የሚረጨውን ይጨምራል። ኩላሊት ደግሞ ጨውና ውሃ ይዞ ማስቀረት ይጀምራል። የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ፕላዝማውን፣ የሚያሳድገው ያ የቀረው ጨውና ውሃ ነው።

ሰሎሞን ወንድሜ፣ "ደም ስለጨመረ ግፊት ይጨምራል" ያልከው እዚህ ላይ ይፈርሳል። ደሙ የጨመረው ደም ስሩ ቀድሞ ስለሰፋ ነው። የሰፋው ከጨመረው ስለሚበልጥ ግፊት ይወርዳል። በብዛት ከ20 እስከ 24 ሳምንት ላይ ወለሉን ይነካል፤ የታችኛው ቁጥር ከ5 እስከ 10 ያህል ይቀንሳል። ከዚያ ቀስ እያለ ተመልሶ መውለጃዋ ሲደርስ ወደ ድሮው ይጠጋል። 98 በ60፣ ማዞርና ራስ መሳት ከሌለ፣ የጤነኛ ነፍሰ ጡር ግፊት ነው።

አሁን ሄሞግሎቢኑን በሂሳብ እንየው። ከእርግዝና በፊት ፕላዝማዋ 2.6 ሊትር፣ ቀይ የደም ሴሎቿ 1.4 ሊትር ነበሩ እንበል። በጠቅላላው 4 ሊትር ደም ነው፤ ቀዩ ክፍል 35 በመቶ። በ32ኛው ሳምንት ፕላዝማው ወደ 3.8 ይደርሳል። ቀዩም ይጨምራል፣ ግን በዝግታ፤ ወደ 1.75። ድምሩ 5.55 ሊትር ሆነ። ቀዩ ክፍል ወደ 31.5 በመቶ ወረደ ማለት ነው፤ ከነበረበት አንድ አሥረኛው ቀነሰ። በዚያው ልክ 12.8 የነበረ ሄሞግሎቢን ወደ 11.5 ይወርዳል። ልብ በሉ፣ ቀይ ሴሎቿ በሩብ ጨምረዋል! የበዛ ሽሮ ላይ የበለጠ ውሃ እንደመጨመር ነው፤ ሽሮው አልጎደለም፣ ወጡ ቀጠነ እንጂ። የመጀመሪያዋ 11.2 ደርሳለች። ከሂሳባችን ብዙም አልራቀችም።

የሁለተኛዋስ? ከ12.7 ተነስታ 13.6 ገባች። መውረድ ሲገባት ወጣች። ይህ በአምስት ወር ውስጥ ደም አትርፋ አይደለም። ፕላዝማዋ የሚገባውን ያህል አላደገም፣ ወይም አድጎ ከደም ስሯ ውጭ እየወጣ ነው። ይህ ነው የሚያሳስበኝ። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና የደም ግፊት በሽታ ሲመጣ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

ኤችኦ_ሰሎሞን
ሲስተር፣ የሄሞግሎቢኑን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ኩላሊት ጨውና ውሃ ይዞ ያስቀራል አሉ። የተማርነው ደግሞ በእርግዝና ኩላሊት በ50 በመቶ ያህል አብልጦ ያጣራል የሚል ነው። አብልጦ እያጣራ እንዴት ይዞ ያስቀራል? ይጋጫል።

ሲስተር_አልማዝ
ይህን ጥያቄ ተማሪ ሁሉ ቢጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር። የማይጋጨው ኩላሊት ሁለት ሥራ ስላለው ነው። መጀመሪያ ደሙን ያጣራል። ቀጥሎ ከተጣራው ውስጥ የሚፈልገውን መልሶ ይወስዳል። በእርግዝና ማጣራቱ የሚጨምረው ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ነው። ጨውና ውሃው ግን አልዶስቴሮን በሚባለው ሆርሞን ትእዛዝ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ትንሽ ተርፎ ይቀራል።

ክሬቲኒንን ግን ኩላሊት መልሶ አይወስደውም። አብልጦ ከተጣራ አብልጦ ይወጣል። ስለዚህ ደም ውስጥ ይቀንሳል። 0.8 የነበረ ወደ 0.5 ይወርዳል። የመጀመሪያዋ እናት "ዝቅተኛ" የተባለችው ኩላሊቷ በደንብ ስለሠራ ነው።

ስኳሩም እንዲሁ ነው። አብልጦ የተጣራውን ስኳር ኩላሊቱ ሁሉንም መልሶ ለመውሰድ አይደርስበትም፤ ትንሽ ወደ ሽንት ያመልጣል። አንድ ፕላስ ስኳር በሽንት ብቻውን "ስኳር በሽታ" አያሰኝም። የለባትም ማለትም አይደለም። እሱን የሚለየው የደም ምርመራ ነው። በ24 እና በ28 ሳምንት መካከል የግሉኮስ ምርመራ ካልተሠራላት አሁን ይሠራላት።

አሁን ሁለተኛዋን ከራሷ ጋር አወዳድሯት። 0.6 የነበረ 0.9 ሆነ። ክሬቲኒን በአንድ ተኩል እጥፍ ሲጨምር ማጣራቱ በሲሶ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው። ወረቀቱ ግን ዝም አለ።

ላብ_ጌታሁን
ወረቀቱ ዝም ያለበትን እኔ ልንገራችሁ፤ ሥራዬ ነው። ማሽኑ ላይ የተጫነው መደበኛ መጠን ያላረገዘች ጎልማሳ ሴት ነው። ክሬቲኒን ከ0.6 እስከ 1.1፣ ሄሞግሎቢን ከ12 እስከ 16 በሚለው ያወዳድራል። እርጉዝ ትሁን አትሁን አያውቅም። መጠየቂያው ላይ "ነፍሰ ጡር፣ 32 ሳምንት" ብላችሁ ብትጽፉልን ቢያንስ እኛ እናያለን። አብዛኛው መጠየቂያ የሚመጣው ስምና ዕድሜ ብቻ ይዞ ነው። የኔ ቅሬታ ይቺ ናት።

ነርስ_ከስቶክሆልም
እዚህ ስዊድን ለምትሠሩ ወይም ለመምጣት ለምትዘጋጁ አንድ ነገር ልጨምር። ክሬቲኒን እዚህ በማይክሮሞል ነው የሚጻፈው። 0.5 ማለት 44 ገደማ ነው፣ 0.9 ደግሞ 80። መጀመሪያ ስመጣ ካርድ ላይ 80 የሚል ቁጥር ሳይ ምን እንደምል ግራ ገብቶኝ ነበር። ለነፍሰ ጡር 80 ካየሁ አሁን የድሮ ውጤቷን ሳልፈልግ አላልፍም።

የማክዳ_እናት
የኔ ጥያቄ ተረሳ?

ሲስተር_አልማዝ
አልተረሳም፣ ይቅርታ። የጎረቤቶችዎ ምክር ልክ አልነበረም። ኩላሊትዎ ያን ጨውና ውሃ የያዘው ለልጅዎ ደም ለማዳረስ ነው። ጨዉን አቋርጠው ውሃውን ሲቀንሱ ያ ደም ነው የሚቀንሰው፤ ያዞርዎት ለዚያ ሊሆን ይችላል። የእግር እብጠት ደግሞ ሌላ ምክንያትም አለው። የከበደው ማህፀን ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይጫነዋል። ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል የሁለቱም እግር እብጠት የተለመደ ነው። እግር ከፍ አድርጎ ጎን ለጎን መተኛት ይረዳል። ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ ወይም አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ ግን ቤት የሚቆዩበት አይደለም።

ሬዚደንት_ዮ
ሲስተር ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ፣ በሁለተኛዋ ላይ። ግን ተማሪዎች "ፕሪኤክላምፕሲያ" ብለው እንዳይጽፉ። ገና አይደለችም። ግፊቷ 140 በ90 አልደረሰም። በኩላሊት በኩልም የምንጠብቀው ክሬቲኒን ከ1.1 ሲያልፍ ወይም እጥፍ ሲሆን ነው። ድሮ ግፊት ከመነሻው በ30 ወይም በ15 ከጨመረ በሽታ ነው ይባል ነበር፤ ያ ብቻውን ለምርመራ ውጤት መሆኑ ቀርቷል። ነገር ግን ከ64 ወደ 84 የወጣች ሴት ላይ ዓይን ይጣላል።

ስለዚህ እኔ ብሆን፦ አረፍ ካለች በኋላ ተቀምጣ፣ ለክንዷ ልክ በሆነ የግፊት መለኪያ መጠቅለያ ግፊቷን እደግማለሁ። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጨጓራ በላይ ሕመም እጠይቃለሁ። የማህፀኑን ከፍታ በሜትር እለካለሁ፤ ፕላዝማ ያላደገላት ሴት ልጇም ላያድግ ይችላል። ሽንቱን በንጽህና አስይዤ እደግማለሁ፣ ምክንያቱም ፈሳሽ ቢቀላቀልበት ፕሮቲን ያሳያል። ፕላትሌትና የጉበት ምርመራ እልካለሁ። ሁሉም ደህና ቢሆን እንኳ ቀጠሮዋን የወር አላደርገውም፤ በቀናት ውስጥ ትመለሳለች።

በመጀመሪያዋ ላይ ግን ትንሽ ልከራከር። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት የቆየው ሰንጠረዥ ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ከሄሞግሎቢኑ 1.3 ቀንሱ ይላል። በ2024 የወጣው መመሪያ ደግሞ ከዚያም ከፍ አድርጎታል። 11.2 ሲቀነስ 1.3 ማለት 9.9 ነው። የደም ማነስ ወሰኑ በዚህ ወቅት 11 ነው። እንግዲህ ደም ማነስ አለባት ወይስ የላትም?

ኤችኦ_ሰሎሞን
አየህ! እኔም ደም ማነስ ብዬ ነበር።

ሲስተር_አልማዝ
ብለሃል፣ ግን በሌላ ምክንያት ነበር። ዮ፣ ያ ሰንጠረዥ ለኛ ደገኞች መሥራቱን እጠራጠራለሁ። ሲንቲያ ቢል የምትባል ተመራማሪ በ2002 ባወጣችው ጥናት ሰሜን ተራራ ላይ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል እንዳለ ሰው ሆኖ ነው የተገኘው። አንዲስ ላይ እንደሚኖሩት ደማቸው አልወፈረም። ካልወፈረ ምኑ ነው የሚቀነሰው?

ሬዚደንት_ዮ
ጥናቱን አውቀዋለሁ። ግን ነፍሰ ጡሮች ላይ አልነበረም። ከተማ ያለው ሰውም ሁሉም ከዚያ ተራራ የመጣ አይደለም። ከቆላ መጥታ ደብረ ብርሃን ያገባች ሴት ካርዱ ላይ አትታወቅም።

ሲስተር_አልማዝ
እሱስ ልክ ነህ። ለዚህ ነው ከሰንጠረዡ ይልቅ የራሷን መነሻ የምመርጠው። ሁለቱም ልኬት እዚያው ከፍታ ላይ ነው የተወሰደው። አንዷ ወረደች፣ አንዷ ወጣች። ይህን ከፍታ አይቀይረውም።

ቤዛ፣ ካርዱ ላይ ኤምሲቪ አለ? የአይረን እጥረት ቀይ ሴሉን ያሳንሰዋል። በፕላዝማ መብዛት ብቻ የወረደ ሄሞግሎቢን ግን የሴሉን መጠን አይነካም።

ቤዛ_ነርሲንግ3
አመሰግናለሁ ሲስተር፣ ሁላችሁንም። ኤምሲቪ 88 ይላል። አይረንና ፎሌት ከ14ኛው ሳምንት ጀምሮ ትወስዳለች ተብሎ ተጽፏል።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ መርመሩ። ልብ ላይ ተጨማሪ ድምጽ እየሰማሁ እንዴት ዝም እላለሁ? ሁለተኛ፣ ሌላ ተማሪ የመጀመሪያዋን እናት በጀርባዋ አስተኝታ ግፊቷን ስትለካ 86 በ50 አግኝታ ደነገጠች። ሴትየዋም ላብ በላብ ሆና "አዞረኝ" አለች። 98 በ60 የተባለው በኋላ ተቀምጣ ስትለካ ነው።

ሚድዋይፍ_ትዕግስት
ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባ ማስተኛት አይመከርም። ማህፀኑ ከታች ወደ ልብ የሚሄደውን ትልቁን ደም መላሽ ስር ይጫነዋል። ወደ ልብ የሚመለሰው ከቀነሰ የሚረጨውም ይቀንሳል፤ ግፊት ይወርዳል፣ ሴትየዋ ያጥወለውላታል። መድኃኒቱ ግሉኮስ መስቀል አይደለም፤ ወደ ግራ ጎኗ ማዞር ነው። ብዙውን ጊዜ ወዲያው ትመለሳለች። ከቀኝ ዳሌዋ ስር ጋቢ ወይም ትራስ ማስገባትም ይቻላል። ጓደኛሽ ያገኘችው ግፊት የአተኛኘቷ ነበር።

የማዋለጃ ክፍል ስትገቡ ደግሞ ይህን ያዙ። ያ ሁሉ የተጠራቀመ ደም ሴትየዋን ከመድማት ይጠብቃታል፣ እናንተን ግን ያታልላችኋል። ወልዳ ስትደማ ግፊቷ ሳይወርድ ከሊትር በላይ ልታጣ ትችላለች። ቀድሞ የሚናገረው የልብ ምት ነው። ምቷ 110፣ የላይኛው ግፊቷ 110 ከሆነ "ግፊቷ ጥሩ ነው" ብሎ መሄድ የለም። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ሲሆኑ እርዳታ ይጠራል።

ሲስተር_አልማዝ
ጎሽ ትዕግስት።

መርመሩን በተመለከተ። በእርግዝና ልብ በደቂቃ የሚረጨው ከ30 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ምቱም ከ10 እስከ 20 ከፍ ይላል። ያን ያህል ደም በፍጥነት በቫልቮቹ ሲያልፍ ድምጽ ያሰማል። ለስለስ ያለ፣ ልብ ሲኮማተር የሚሰማ፣ በግራ ደረት ጠርዝ ያለ መርመር አብዛኞቹ ነፍሰ ጡሮች ላይ ይሰማል። እያዳመጣችሁ የእጇን ትርታ ያዙ። ድምጹ ከትርታው ጋር ከመጣ ሲስቶሊክ ነው።

በሁለት ትርታ መካከል፣ ልብ ሲያርፍ የሚሰማ መርመር ግን የእርግዝና ነው ተብሎ አይታለፍም። ከትርታው ጋር የሚመጣውም ቢሆን ጮክ ካለ ወይም እጅ ሲደረግበት ከነዘረ እንዲሁ። በልጅነቷ በጉሮሮ ሕመም የተነሳ ልቧ የተጎዳ፣ ሳታውቀው የኖረች ሴት አገራችን ውስጥ ጥቂት አይደለችም። የጠበበ ቫልቭ ያላት ሴት እርጉዝ እስክትሆን ምንም ላይሰማት ይችላል። ደሙ ሲጨምርና ምቱ ሲፈጥን ግን ልቧ ለመሙላት ጊዜ ያጥረዋል። ብዙዎቹ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ልክ ሁለቱ እናቶች ያሉበት ሳምንት አካባቢ፣ ከዚያም በምጥና ከወለዱ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። በእያንዳንዱ ምጥ ማህፀኑ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ደም ወደ ዝውውሩ ይገፋል። ጤነኛ ልብ ይችለዋል። ያ ልብ ግን ላይችለው ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያዋን አንድ ጥያቄ ጠይቋት፦ ማታ ስንት ትራስ ትንተራሳለች? ደረጃ ስትወጣ ማለክለክ የተለመደ ነው። ተኝታ ትንፋሽ አጥሯት ተነስታ መቀመጥ ግን አይደለም።

ቤዛ_ነርሲንግ3
ጠየቅኋት! ዛሬ ለቀጠሮ መጥታ ነበር። አንድ ትራስ፤ ተኝታም ትንፋሽ አያጥራትም። ሁለተኛዋ ግን ካርዷ ብቻ ነው ያለን፤ እውነተኛ ትሁን አስተማሪው የፈጠራት አላውቅም።

የመጀመሪያዋን አይረን እጥፍ እናድርገው ወይስ እንተወው?

ሬዚደንት_ዮ
ኤምሲቪ 88 ከሆነ የአይረን እጥረት ምልክት አላይም። ቢሆንም የአይረን ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን የሚሠራበት ቦታ ካለ አሠሩላት። ከሌለ በአራት ሳምንት ሄሞግሎቢኗ ይደገም። ከ10.5 ከወረደ ከፍታው ምንም ይሁን ምን እኔ መጠኑን እጨምራለሁ።

ሲስተር_አልማዝ
እኔ ያው 60 ሚሊ ግራሟን በትክክል መዋጧን አረጋግጬ እተወዋለሁ። ከሻይና ከቡና ጋር እንዳትወስደው ንገሯት፤ ብዙዎቹ ከቁርስ ሻይ ጋር ነው የሚውጡት። ፌሪቲኑን አሠሩ ባለው ግን እስማማለሁ።

ላብ_ጌታሁን
ፌሪቲን ስትልኩ መጠየቂያው ላይ "ነፍሰ ጡር" ጻፉ። በእግዚአብሔር።